ችግሩ ይቅደም፤ መሣሪያው ይከተል
ስለ ማሳያ ቪዲዮ ጽሑፍ አዘገጃጀት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



አንድ መሐንዲስ የደከመበትን መሣሪያ ለገዢ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ሲጠየቅ፣ ብዕሩ በቅድሚያ የሚያመራው ወደ መሣሪያው ነው። ስሙን ይጽፋል፤ ኃይሉን በዋት ይገልጻል፤ የተሠራበትን ብረት ይጠቅሳል፤ ከዚያም ባሕርያቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ይህን የሚያደርገው ስንፍና ይዞት ሳይሆን፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው መሣሪያውን ስለሆነ ነው። ተመልካቹ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው የራሱን ችግር ነው። ሁለቱ የማይገናኙበት ጽሑፍ ምንም ያህል እውነት ቢይዝ ሰሚ አያገኝም፤ ጥያቄው ሳይነሣ የተሰጠ መልስ ነውና።

ይህ አካሄድ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1968 አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የዘጠና ደቂቃ ትዕይንት ባቀረበ ጊዜ፣ ዛሬ በየቢሮው የሚታየውን የኮምፒዩተር ማውዝ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ንግግሩን የከፈተው ግን ማውዙን በማስረዳት አልነበረም። አስቀድሞ ያነሣው፣ ቀኑን ሙሉ ወዲያው የሚመልስለት ኮምፒዩተር በጠረጴዛው ላይ ያለው የቢሮ ሠራተኛ ምን ያህል ይጠቀምበት ይሆን የሚል ጥያቄ ነው። ከዚያም ከቤት የታዘዘ የገበያ ዝርዝር በየወገኑ ሲደለደል አሳየ። ስለ መሣሪያዎቹ አሠራር ያብራራው በኋላ ነው። ተመልካቹ ማውዙን ሲያውቀው ለምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ አይቶ ነበር።

ነገሩን በተግባር ለመመርመር፣ ለማስረጃ ያህል የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ ይቅረብ። መሣሪያው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ የሚቀመጥ የውኃ ፓምፕ ነው። ገዢው በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ እያወጣ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ያህል ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው። ቪዲዮው ዘጠና ሴኮንድ ይፈጃል።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦ «ይህ ባለ 500 ዋት፣ ብሩሽ የለሽ ሞተር ያለውና ከማይዝግ ብረት የተሠራ ዘመናዊ ፓምፕ ነው።» ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ገበሬው ግን የሚይዘው ነገር አያገኝበትም። 500 ዋት ለእርሻው ይበቃ እንደሆነ፣ ብሩሽ ባይኖረው ምን እንደሚያተርፍ የሚያመለክት ነገር የለምና።

ሻጮቹ ረቂቁን ሲያርሙ ብዙውን ጊዜ ወደ ሁለተኛ ስሕተት ይሻገራሉ፤ ችግሩን በቢሮ ተቀምጠው ይገምታሉ። «የቤንዚን ዋጋ አስቸግሮዎታል?» የሚል መክፈቻ ይጽፋሉ። ቤንዚን ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን እያማረረም ቢሆን እየገዛ ለሚሠራ ሰው፣ ይህ የለመደው ወጪ እንጂ እንቅልፍ የሚነሣው ጉዳይ ላይሆን ይችላል። እውነተኛውን ችግር ለማግኘት ጉድጓዱ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። የሚጠየቀውም «ምን ዓይነት ፓምፕ ይፈልጋሉ?» ተብሎ አይደለም፤ እንዲህ ቢባል ገበሬው በትሕትና «ጥሩ ፓምፕ» ብሎ ይመልሳል። የሚበጀው «ለመጨረሻ ጊዜ ውኃ ያጠረዎት መቼ ነው? ያን ዕለትስ ምን አደረጉ?» ብሎ መጠየቅና የሚሰጠውን መልስ በራሱ በተናጋሪው ቃል መጻፍ ነው።

በምሳሌው የሚገኘው መልስ «መጋቢት ላይ ውኃው ሸሸብን» የሚል ነው እንበል። የዚህ አነጋገር ምክንያት ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውኃ የሚስበው የአየር ግፊት ውኃውን ወደ ቧንቧው ሲገፋለት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ከ10.3 ሜትር በላይ ውኃ ሊያነሣ አይችልም። የዝዋይ አካባቢ ከባሕር ጠለል 1,640 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ወሰኑ ወደ 8.5 ሜትር ዝቅ ይላል። የቧንቧው ሰበቃና በመጋጠሚያው የሚገባው አየር ሲቀነሱ፣ በሥራ ላይ የሚገኘው 6 ሜትር ገደማ ነው። ስለሆነም ከክረምት በኋላ በ5 ሜትር ላይ የነበረ ውኃ በመጋቢት ወደ 9 ሜትር ሲወርድ፣ ሞተሩ እየጮኸ ውኃ አይወጣም።

ያን ጊዜ ገበሬው ሞተሩን በገመድ አስሮ ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል፤ ሊያስነሣውም ተከትሎት ይወርዳል። የሞተሩ ጢስ ሽታና ቀለም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል። ጋዙ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሲከማች ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል፤ ሊያወጣው የወረደውም ያው ዕጣ ይደርሰዋል። እንግዲህ ከቤንዚኑ ዋጋ በስተጀርባ ያለው ችግር ይህ ነው፤ ውኃው እያለ አልደርስ ማለቱ፣ ሰውም ሊደርስበት ሲል ሕይወቱን ለአደጋ ማጋለጡ።

በዚህ ላይ የተመሠረተው ሁለተኛ ረቂቅ እንደሚከተለው ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ሴኮንዶች የሚታየው ጉድጓዱ፣ ሞተሩና ባዶው ቦይ ነው፤ ድምፁም እንዲህ ይላል፦ «መጋቢት ነው። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ጀምሯል። ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ አለ፤ ፓምፑ ግን አልደረሰበትም። ሞተሩን ወደ ጉድጓድ ማውረድ ሰው ይገድላል።» የመሣሪያው ስም እስካሁን አልተነሣም። አደጋው ግን ባንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይነገራል፤ የወደቀ ሰው አይታይም፤ ልቅሶም አይሰማም። ተመልካቹን በፍርሃት ለመያዝ የሚሞክር ጽሑፍ ሐዘን የደረሰበትን ቤተ ሰብ ያስቀይማል፤ የቀረውም ተመልካች ዓይኑን ይመልሳል።

ከሃያ እስከ ሠላሳ አምስት ሴኮንድ ድረስ ለውጡ ይታያል፤ ፓምፑ በገመድ ወደ ውኃው ይገባል፤ ሰውየው ግን ከላይ ቆሟል። «ይህ ፓምፕ ከላይ ሆኖ አይስብም፤ ከታች ሆኖ ይገፋል። ውኃው ሲሸሽ ገመዱን ማርዘም ነው።» በዚህ ቅጽበት ገበሬው መሣሪያውን ከችግሩ ጋር አገናኝቶ ያየዋል።

የመሣሪያው ባሕርያት የሚነገሩት ከዚህ በኋላ እስከ ስድሳ አምስተኛው ሴኮንድ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ጥያቄ ይፈተናሉ፦ ከተነሣው ችግር የትኛውን ክፍል ይመልሳል? ብሩሽ የለሽ ሞተር የሚያልቅ ብሩሽ ስለሌለው፣ ብሩሽ ለመቀየር ሲባል ፓምፑን ከጉድጓድ ማውጣት አያስፈልግም፤ ስለዚህ ይነገራል። የመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ቀለምና የፋብሪካው ዕድሜ ምንም ስለማይመልሱ ወደ ዝርዝር ወረቀቱ ይሻገራሉ።

500 ዋት የሚለው ቁጥርም ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ሥፍራ ነው። ሽንኩርቱ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ቢፈልግ ለአንድ ጥማድ 12.5 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በቦይ የሚባክነው ሲጨመር ወደ 20 ይደርሳል። በሚሳብበት ጊዜ ውኃው ወደ 11 ሜትር ይወርዳል፤ ለገንዳው ከፍታ 2 ሜትር፣ ለቧንቧው ሰበቃ 2 ሜትር ሲታከል 15 ሜትር ይመጣል። ይህን ውኃ ያን ያህል ለማንሣት 0.82 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ፓምፑና ሞተሩ ከተቀበሉት ኃይል 40 በመቶውን ለሥራ ቢያውሉ፣ ከፀሐይ ሰሌዳው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ጥሩ ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ቢገኝ 400 ዋት ይሆናል፤ ለአቧራና ለሙቀት ሲታሰብ 500 ይደርሳል። ይህ ስሌት በሙሉ በቪዲዮው ውስጥ አይገባም። የሚገባው ውጤቱ ብቻ ነው፦ «ፀሐይ በዋለበት ቀን ለአንድ ጥማድ ሽንኩርት የሚበቃ ውኃ ያወጣል።»

ከስድሳ አምስት እስከ ሰማንያ ሴኮንድ ያለው ጊዜ የመሣሪያው ወሰን የሚነገርበት ነው። ብዙዎች ይህን ክፍል መዝለል ይወዳሉ። ሆኖም ችግሩን ያስቀደመ ጽሑፍ ተስፋ ሰጥቷልና፣ ተስፋው የት ድረስ እንደሚሄድ መናገር ግዴታው ነው። «ደመና ሲሆን ውኃው ይቀንሳል። ጉድጓዱ ራሱ ከደረቀ ፓምፕ ውኃ አይፈጥርም።» ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የተወሰኑ ገዢዎችን ያስቀራል፤ የሚያስቀራቸውም ሊቀሩ የሚገባቸውን ነው። ውኃ የሌለው ጉድጓድ ይዞ ፓምፕ የገዛ ገበሬ ገንዘቡን አጥቶ ለጎረቤቶቹ የሚናገረውን፣ ምንም ዓይነት ቪዲዮ መልሶ አያስተካክለውም።

የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሴኮንዶች ተመልካቹ ራሱ የሚሠራው ነገር ይሰጡታል፦ «በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስረው ከላይ እስከ ውኃው፣ ከውኃውም እስከ ጉድጓዱ መሬት ይለኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው ይምጡ።» በመጋቢት የተለካ ቁጥር ይዞ የመጣ ገዢ ለሻጩም ሆነ ለመሐንዲሱ ሥራውን ከግማሽ በላይ ያቃልልለታል።

ጽሑፉ ከመቀረጹ በፊት በአነስተኛ ወጪ ሊፈተን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሴኮንዶች ጽሑፉን ለማያውቁ አራት ወይም አምስት ገበሬዎች ይነበባሉ፤ ንባቡም ይቋረጥና «ይህ ነገር ስለ ምንድን ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። «ስለ ፓምፕ ማስታወቂያ ነው» ካሉ፣ መሣሪያው አሁንም ቀድሟል ማለት ነው። «ስለ እኛ ጉድጓድ ነው» ብለው የራሳቸውን መጋቢት መተረክ ከጀመሩ፣ መክፈቻው ሥፍራውን አግኝቷል። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚደውሉት ሰዎች ማንነት ይታያል። ጥልቅ ጉድጓድ ያላቸው ወይም ሰፊ እርሻ የሚያለሙ ሰዎች ከበዙ፣ ችግሩ ከልክ በላይ ሰፍቶ ተነግሯል፤ ማጥበብ ያሻል።

ይህ አካሄድ የማይስማማበት ቦታም አለ። ለጨረታ ፓምፖችን የሚያወዳድር መሐንዲስ ችግሩን አስቀድሞ በቁጥር ጽፎ የመጣ ነው። እሱ የሚፈልገው የፓምፑን የከፍታና የፍሰት መሥመር ስለሆነ፣ ስለ መጋቢት ቢተረክለት ጊዜውን ማባከን ይሆናል። ለእሱ ሠንጠረዡ ይቅደም።

ለገበሬው ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ሞተሩን ወደ ጉድጓድ ሊያወርድ ገመድ የያዘ ሰው ቪዲዮውን ቢከፍት፣ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ሴኮንዶች መስማት ያለበት የብረቱን ዓይነት አይደለም። ፓምፑን ባይገዛ እንኳ ገመዱን አስቀምጦ ከሄደ፣ ጽሑፉ ሥራውን ሠርቷል።