ጨውና ሽቶ፦ ዋጋ ሲጨምር ገዢው ምን ያደርጋል?

ዛሬ ማባዛትና ማካፈላችንን ይዘን ወደ ገበያ እንወጣለን። እርሳስና ወረቀት ያዙ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ሱቅ ብቻ አለ እንበል። ባለሱቁ ጨውም ሽቶም ይሸጣል። ዋጋውን ለሒሳብ እንዲመች እኔው ነኝ ያወጣሁት፤ በእኛ ሰፈር እንዲህ አይሸጥም ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ። ጨው ኪሎው 20 ብር ነው፤ በሳምንት 100 ኪሎ ይሸጣል። ስናባዛው 2,000 ብር ይሆናል። ባለሱቁ በኪሎ 2 ብር ጨመረ፤ ይህም ከመቶ 10 ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት 98 ኪሎ ተሸጠ። 22ን በ98 አባዙ፤ 2,156 ብር። ሁለት ኪሎ ሳይሸጥ ቀረ፤ ገንዘቡ ግን በ156 ብር አደገ።

አሁን ወደ ሽቶው እንምጣ። አንዱ ጠርሙስ 200 ብር ነው፤ በሳምንት 20 ጠርሙስ ሲሸጥ 4,000 ብር ያስገባል። እዚህም ላይ ከመቶ 10 ጨመረና 220 ብር አደረገው። የተሸጠው 15 ጠርሙስ ብቻ ሆነ። 3,300 ብር! ዋጋ ጨምሮ 700 ብር ጎደለበት።

የምጣኔ ሀብት አዋቂዎች ይህን የፍላጎት ተለጣጭነት ይሉታል። ላስቲክን አስቡ፤ አንዱ ትንሽ ሲስቡት ብዙ ይለጠጣል፣ ሌላው ቢስቡት ንቅንቅ አይልም። መለኪያውም ቀላል ነው። የተሸጠው ዕቃ ከመቶ ስንት እንደቀነሰ ታወጡና፣ ዋጋው ከመቶ በጨመረው ታካፍሉታላችሁ። ለጨው 2 ሲካፈል ለ10፣ 0.2 ነው። ለሽቶ 25 ሲካፈል ለ10፣ 2.5 ነው። ከ1 በታች ከሆነ ዋጋ የጨመረ ሻጭ ገቢው ያድጋል፤ ከ1 በላይ ከሆነ ገቢው ይቀንሳል።

ጨው ለምን አይለጠጥም? ወጥ ያለ ጨው አይበላም፤ በቦታው የሚገባ ሌላ ነገር የለም። ደግሞም ቤተሰቡ ለጨው የሚያወጣው ከወር ወጪው ትንሽ ነው። ሽቶ ግን ለሚቀጥለው ወር ይቆያል ይባላል፣ ወይም በሳሙና ይታለፋል። ይሁን እንጂ ቅንጦትና አስፈላጊ የሚለው ስም በዕቃው ላይ ተጽፎ አልመጣም። ስኳር ለአንዱ ቤት የግድ ነው፤ ለሌላው ቤት ዋጋው ሲጨምር መጀመሪያ የሚተው እሱ ነው።

እንግዲህ ጨው ሻጭ ሁሉ ለምን እንደፈለገ አይጨምርም ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሱቁ ማዶ ሌላ ሱቅ ቢከፈትና በ20 ብር ቢሸጥስ? እናቶቻችን መንገዱን ተሻግረው ይገዛሉ እንጂ 22 አይከፍሉም። ያ 0.2 የከተማው ሁሉ የጨው ፍላጎት ነው፤ የአንድ ሱቅ ጨው ግን እንደ ሽቶው ይለጠጣል። ነጋዴዎች ተመካክረው ባንድ ጊዜ ሲጨምሩ ወይም ጨውን ሲደብቁ ግን የሚሻገሩበት ሱቅ አይኖርም። ከደበቋቸው ዕቃዎች መካከል ሽቶ የማይገኘው ለዚህ ነው፤ ሽቶ ቢደበቅ ገዢው ይረሳዋል። በጨው ግን ሁሉም ይከፍላል፤ የደሃውም ቤት ከሀብታሙ ባልተናነሰ ጨው ስለሚፈልግ፣ ጭማሪው ከገቢው ሲነጻጸር የሚከብደው በእሱ ላይ ነው።

ሽቶ ሻጩስ ዋጋ ቢቀንስ ያተርፋል? በ180 ብር 25 ጠርሙስ ቢሸጥ 4,500 ብር ያስገባል፤ ገቢው በ500 ብር ጨመረ። ግን አትቸኩሉ፤ ራሱ የገዛበትን ዋጋ ቀንሱለት። አንዱን ጠርሙስ በ80 ብር አምጥቶት ከሆነ ትርፉ ከ2,400 ወደ 2,500 ብር ያድጋል። በ120 ብር አምጥቶት ከሆነ ግን ከ1,600 ወደ 1,500 ብር ይወርዳል። ገቢና ትርፍ አንድ አይደሉም።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልንገራችሁ። ቅቤ ሻጯ በፋሲካ ዋዜማ ዋጋ ጨመሩ፤ ሽያጩም ከጾሙ ሳምንታት በለጠ። «ዋጋ ብጨምርም ገዢ አይሸሽም» ቢሉ ትክክል ናቸው? አይደሉም። ገዢውን ያመጣው በዓሉ ነው። በጾም ዋጋ ቢቀንሱም ጿሚው አይገዛቸውም ነበር። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ስታነጻጽሩ ከዋጋው በቀር ሌላው ነገር ያልተለወጠባቸውን ምረጡ፤ ሁለቱም የጾም ወይም ሁለቱም የፍስክ ይሁኑ።

እስከሚቀጥለው ጊዜ ይህችን ሥሩ። የስኳር ዋጋ ከመቶ 10 ጨመረ፤ ሽያጩ ከ50 ኪሎ ወደ 46 ወረደ። ስኳሩ ወደ ጨው ያደላል ወይስ ወደ ሽቶ?