ረከቦቱን ሳይነኩ መቀነስ

እሱ፦ መርካቶ ውስጥ «ሙሉ የቡና ዕቃ በቅናሽ» ሲባል ትሰሚያለሽ። ቅናሹ ግን ከየትኛው ዕቃ ላይ ነው የሚነሳው?

እሷ፦ ዋናው ነገር እሱ ነው። እንበል ረከቦቱ 2,600 ብር መጥቶ 3,000 ይሸጣል፤ ትርፉ 400። ስድስት ሲኒና የእጣን ማጨሻ ደግሞ በ500 መጥተው 900 ይሸጣሉ፤ እነሱም 400 ያተርፋሉ። ረከቦቱ ላይ አስር በመቶ ከቀነስክ መቶ ብር ብቻ ቀረችህ። ይልቅ ከሲኒውና ከማጨሻው ላይ 200 ብር አንሳ፦ ሙሉው 3,700፣ ትርፉ 600።

እሱ፦ «እንግዲያው ረከቦቱን ብቻ በቅናሹ ስጠኝ» ቢባልስ? የመርካቶ ገዢ እኮ ነው!

እሷ፦ ለዚህ ነው ቅናሹ በሲኒው ስም የሚነገረው፦ «ረከቦቱን ከወሰድሽ የ900ው 700 ይሆንልሻል።» የረከቦቱ ዋጋ ንቅንቅ አይልም።

እሱ፦ ድሮም ሁሉንም የሚገዛውስ?

እሷ፦ እሱ ላይ 200 ብር በከንቱ ትሄዳለች። ከአስር ረከቦት ገዢ አራቱ ቀድሞም ሙሉውን ይወስዱ ከነበር፣ አሁን ከስምንት ካላለፉ ትርፍህ ከቀድሞው አይበልጥም።

እሱ፦ ሽያጩ አድጎ ኪስ ሊሳሳ ይችላል በይኛ!

እሷ፦ እንዴታ። ሱቅ ያላችሁ አድማጮች፣ ቅናሹን ከመለጠፋችሁ በፊት ከረከቦት ገዢዎቻችሁ ስንቱ ሲኒም ጨምሮ እንደሚወስድ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ።