ስትራድል እና ከቨርድ ኮል በውል ማብቂያ ቀን

በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የሚሠራባቸውን ሁለት ስልቶች በአንድ ምሳሌ ላነጻጽር። የአንድ አክሲዮን የዛሬ ዋጋ 100 ዶላር ነው እንበል፤ የደላላን ክፍያ ለጊዜው እንተወው።

የመጀመሪያው ባለሀብት በ100 ዶላር የመግዛት መብት የሚሰጠውን ኮል በ4 ዶላር፣ በዚያው ዋጋ የመሸጥ መብት የሚሰጠውን ፑት በ3 ዶላር ይገዛል። ይህ ስትራድል ነው። ወጪው 7 ዶላር ስለሆነ፣ የማያተርፍበትም የማይከስርበትም ዋጋ ሁለት ነው፦ 93 እና 107። ውሉ በሚያበቃበት ቀን አክሲዮኑ 106 ቢደርስ ኮሉ 6 ዶላር ያወጣል፤ ባለሀብቱ ግን 1 ዶላር ከስሯል። ስለዚህ ዋጋው መንቀሳቀሱ ብቻ አይበቃውም፤ ከከፈለው በላይ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ከፍተኛው ኪሳራ፣ ዋጋው ልክ 100 ላይ ሲቆም፣ 7 ዶላር ነው።

ሁለተኛው ባለሀብት አክሲዮኑን በ100 ዶላር ገዝቶ፣ በ105 የመግዛትን መብት ለሌላ ሰው በ2 ዶላር ይሸጣል። ይህ ከቨርድ ኮል ይባላል። የተቀበለው 2 ዶላር የማይከስርበትን ዋጋ ወደ 98 ያወርድለታል። ዋጋው ከ105 ሲያልፍ ግን አክሲዮኑን በ105 ለማስረከብ ስለሚገደድ፣ ትርፉ ከ7 ዶላር አይበልጥም።

ብዙ ተማሪዎቼ አስተማማኙ ሁለተኛው ነው ይላሉ። አክሲዮኑ ወደ 80 ቢወርድስ? ስትራድል የገዛው 13 ዶላር ሲያተርፍ፣ ይኸኛው 18 ዶላር ይከስራል። የተቀበለው ገንዘብ የሸፈነለት የውድቀቱን የመጀመሪያ 2 ዶላር ብቻ ነው። አንድ ውል 100 አክሲዮን ስለሚይዝም ኪሳራው 1,800 ዶላር ይሆናል።