በውል ዘመን መካከል ስለሚጨመር ኪራይ

በአዲስ አበባ በወር 12,000 ብር ለሁለት ዓመት ቤት የተከራየን ሰው፣ አከራዩ በሰባተኛው ወር «በውሉ ስምንተኛ አንቀጽ ኪራዩን በማናቸውም ጊዜ ለመጨመር መብት አለኝ» ብለው 15,000 ብር ጠየቁት እንበል።

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ የጸና መሆኑ እሙን ነው፤ ነገር ግን ይህ ጽናት በሕግ አግባብ ለተመሠረተ ውል ብቻ የተሰጠ ስለሆነ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ጭማሪን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያስታውቀው መጠን ሳያልፍ እንዲሆን ስለወሰነ፣ ያ ልቅ አንቀጽ በአዋጁ ፊት አይቆምም።

ስለዚህ ተከራዩ ከዘለፋ ርቆ፣ ውሉ የተፈረመበትን ቀንና የተመዘገበበትን ቁጥር ጠቅሶ፣ የሚቃወመውንም አንቀጽ ቃል በቃል ገልብጦ፣ «አቶ እገሌ ሆይ፣ የተስማማንበትን 12,000 ብር በየወሩ በባንክ መክፈሌን እቀጥላለሁ» ብሎ ይጻፍ። የደብዳቤው ዐምድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህች ዐረፍተ ነገር ናት፤ ተቆጥቶ ክፍያውን ፈጽሞ ያቋረጠ ተከራይ፣ ውሉን ማፍረሻ ምክንያት በገዛ እጁ ያቀብላልና። አከራዩ ደብዳቤውን ሲረከቡ በቅጂው ላይ ይፈርሙ፤ ግልባጩም ውሉን ለመዘገበው ጽሕፈት ቤት ይድረስ።