የሚዘጋንን ሰው ለምን እንመርጣለን?

አንዲት ሴት አስቡልኝ። የወደደችው ሰው ሦስት ቀን ድምፁን ያጠፋል፤ በአራተኛው ማታ «እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ» ብሎ ይጽፍላታል። ልቧ ይደልቃል፤ የሰነበተው ጭንቀት ባንዴ ይለቃታል። ያንን እፎይታ ነው ፍቅር የምትለው። ባለው ሰዓት የሚደውለውን ሌላውን ሰው ግን «ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ምንም አይሰማኝም» ትላለች። ከሚጠፋው ስትለያይ ቀጣዩም እንደዚሁ የሚጠፋ ይሆናል።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እንዳስረዱት፣ ሕፃን ከሰው ምን እንደሚጠበቅ የሚማረው ከአሳዳጊዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሲንዲ ሄዛንና ፊሊፕ ሼቨር ሐሳቡን ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት። አባቷ ዛሬ አቅፎ ነገ የሚዘጋት ልጅ፣ ፍቅር ማለት ደጅ መጥናት ሊመስላት ይችላል። ስታድግም የሚዘጋት ሰው እንግዳ አይሆንባትም። ይህ ግን የማይለወጥ ዕጣ አይደለም፤ ልጅነትም ብቸኛው ምክንያት አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያ የሚጠፋው ሰው በእውነት ሲቀርብ የሚቀዘቅዘው የሴትዮዋ ስሜት ነው። ያኔ መቀራረብን የምትፈራው እሷም ልትሆን ትችላለች። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው።

እንዲህ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ አብሮኝ ሲቀመጥ እረጋጋለሁ ወይስ መቼ እንደሚሄድ አሰላለሁ?