ረቂቅ ፈተና በሌላ ዓይን

የዛሬው ርእስ የረቂቅ ፈተና ግምገማ ነው፤ ይኸውም ፈተናው ከመባዛቱ በፊት ሌላ መምህር የሚያደርገው ፍተሻ ነው። ወጥ ስትቀምስ የቆየች ባለሙያ የጨው ልኩ ስለሚጠፋባት ሌላ ሰው እንደምታስቀምስ ሁሉ፣ ጥያቄ ያወጣ መምህርም የጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ስለሚያነብ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊው «ጉዳዩ፦ ረቂቅ ፈተና እንዲገመግሙ ስለመጠየቅ» የሚል ደብዳቤ ለመምህሩ ባልደረባ ይጽፋል። ከደብዳቤው ጋር ረቂቁ፣ የመልስ ቁልፉና ከየምዕራፉ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳየው የፈተና ቢጋር በታሸገ ፖስታ ይላካሉ፤ የመመለሻው ቀን ለእርማት ጊዜ ካልተወ ግን የረቂቅ ፈተና ግምገማው ከፊርማ አያልፍም።

ታዲያ ገምጋሚው ቁልፉን ሳያይ ፈተናውን እንደ ተማሪ መሥራት ይኖርበታል። ለምሳሌ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ከ20 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ በስንት ሰከንድ መሬት እንደሚደርስ ጠይቆ 2 እና 2.02ን በምርጫነት ቢያቀርብ፣ የስበት ሽምጠጣን፣ ማለትም ድንጋዩ ሲወድቅ ፍጥነቱ የሚጨምርበትን መጠን፣ 10 ብሎ ያሰላም 9.8 ብሎ ያሰላም ተማሪ ትክክል ይሆናል፤ አዘጋጁ ግን ቁጥሩን በልቡ ይዞ ስለነበር ጉድለቱ አልታየውም። ስለዚህ የገምጋሚው አስተያየት «ጥያቄው ግልጽ አይደለም» በሚል ብቻ ሳይቆም «የስበት ሽምጠጣው ዋጋ በጥያቄው ውስጥ ይሰጥ» እስከማለት ይደርሳል።