የአያት የማር ዳቦ

አቅራቢ፦ የገና ጾም ሲፈታ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የገባበት የማር ዳቦ ይደፋል። አንዲት አያት ስቶክሆልም ላለችው የልጅ ልጃቸው አሠራሩን በካርድ ጽፈውላታል።

አያት፦ «የኔ እናት፣ አንድ ኩባያ ወተት ለብ አድርጊና ስድስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጪበት። በጣትሽ ንኪው፤ ካቃጠለሽ እርሾውንም ይገድለዋል። ግማሽ ኩባያ ማር፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ ቆንጠር ቆንጠር ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ጨው ጨምሪበት። በሩብ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ የራሰውን አንድ ፓኬት እርሾ፣ ከዚያም አራት ኩባያ ተኩል ያህል ዱቄት። ሊጡ እጅሽን ከያዘው ዱቄት አትድገሚ፤ እጅሽን ቅቤ ቀቢ።»

አቅራቢ፦ የሚያጣብቀው ማሩ ነው፤ ዱቄት ከበዛ ዳቦው ይደርቃል። ማር ማብዛትም አይበጅም፤ ስኳሩ ውሃውን ስለሚይዝበት እርሾው ይለግማል። ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ሊጥ ቶሎ ይነፋል። ስቶክሆልም ግን ባሕር ዳርቻ ናት፤ በዚያ ላይ ወቅቱ ክረምት ነው። የአያት ሰዓት እዚያ አይሠራም።

አያት፦ «ሰዓት አትቁጠሪ፤ እጥፍ እስኪሆን ጠብቂ። ቤቱ ከቀዘቀዘ ባልተለኮሰ ኦቨን ውስጥ ከሙቅ ውሃ ጎን አስቀምጪው። ስትጫኚው የጣትሽ ምልክት ቶሎ ካልሞላ ደርሷል። አየሩን አስወጪለት፣ ቅቤ በተቀባ መጋገሪያ ላይ አድርጊው፣ እንደገና ይነሳ። ማር ቶሎ ስለሚጠቁር በ150 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ጋግሪው። ታቹን ስታንኳኪው እንደ ባዶ ነገር ከጮኸ በስሏል።»